የጠፋው የአለርጂ መስመር፦ ለአንዲት ትንሽ ክሊኒክ የሕሙማን መዝገብ ጥበቃ ስንመርጥ

እናትየው ልጇን ይዛ ምርመራ ክፍል ተቀምጣለች። ልጁ 9 ዓመቱ ነው፤ ጉሮሮውን አሞታል፣ ያተኩሰዋል። ሐኪሙ ኮምፒውተሩ ላይ ፋይሉን ከፍተው አዩት፤ አሞክሳሲሊን ሊያዙለት ጀምረው፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ጠየቁ፦ «የማይስማማው መድኃኒት አለ?»

«ዶክተር፣ ነግሬያችሁ ነበር እኮ» አለች እናትየው። «ፔኒሲሊን አይስማማውም። ሁለት ዓመቱ ላይ ፊቱ ሁሉ አብጦ ድንገተኛ ክፍል አድሬያለሁ። እዚሁ ነው ያስጻፍኩት።»

ሐኪሙ ስክሪኑን እንደገና አዩት። የአለርጂው ቦታ ባዶ ነው። አሞክሳሲሊን ደግሞ ራሱ ከፔኒሲሊን ቤተሰብ የሚመደብ መድኃኒት ነው።

ልጁ ሌላ መድኃኒት ታዞለት ወደ ቤቱ ሄደ፤ ምንም አልሆነም። ሥራ አስኪያጇ ግን የዚያኑ ዕለት ማታ ደወሉልኝ። «ሲስተማችን ሳይጠለፍ አይቀርም» አሉ። ሥራዬ የጤና ተቋማትን በመረጃ ደህንነት ማማከር ስለሆነ እንዲህ ያለ ስልክ ይደርሰኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ የተጠለፈ ነገር አይገኝም። እዚህም አልተገኘም። የሆነው ነገር ከጠለፋ ይልቅ ተራ ነው፤ ለልጁ ግን ያው አደገኛ ነበር።

ምን እንደተፈጠረ

ክሊኒኩ ትንሽ ነው። 2 ሐኪሞች፣ 3 ነርሶች፣ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ካርድ ክፍልና ሒሳብ ላይ 4 ሰዎች፣ ከሥራ አስኪያጇ ጋር 11 ናቸው። ኮምፒውተሮቹ 7 ሲሆኑ አንዱ ከካርድ ክፍሉ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ሰርቨር ሆኖ ያገለግላል። ወደ 14,000 የሚጠጋው የሕሙማን ፋይል ያለው እሱ ላይ ነው። የአይቲ ሠራተኛ የላቸውም፤ ችግር ሲኖር ፕሮግራሙን የሸጠላቸውን ባለሙያ ይጠራሉ።

መጀመሪያ የፈለግሁት አለርጂውን ማን እንዳጠፋው ነበር። ፕሮግራሙ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ የሚመዘግብ ሎግ ይይዛል፤ ነገር ግን ካርድ ክፍል ያሉት ሁሉ የሚገቡት «ካርድ» በሚል አንድ አካውንት፣ በአንድ የይለፍ ቃል ነው። ነርሶቹም ሲቸኩሉ በዚያው ይገባሉ። ስለዚህ ሎጉ መቼ እንደተደረገ እንጂ ማን እንዳደረገው አይነግረንም። መቼ የሚለውን ግን በግልጽ ነገረን፦ ልጁ ከመምጣቱ 12 ቀን በፊት፣ ከሰዓት በኋላ፣ የእሱ ፋይል ከሌላ ፋይል ጋር ተዋህዷል።

ሁሉንም ሰብስበን፣ ጥፋተኛ ፍለጋ እንዳልሆነ አስረድተን ስንጠይቅ ከካርድ ክፍል አንዷ አስታወሰች። የዚያን ቀን ወረፋው ረጅም ነበር። ስም ስትፈልግ ሁለት ፋይል መጣላት፤ የልጁም የአባቱም ስም አንድ፣ የትውልድ ዓመቱም አንድ። ፕሮግራሙ «ተመሳሳይ ፋይሎች ተገኝተዋል፤ ይዋሃዱ?» ሲላት አንድ ሰው ሁለት ጊዜ የተመዘገበ መስሏት እሺ አለች። ሁለቱ ግን ሁለት የተለያዩ ልጆች ነበሩ። ፕሮግራሙ ሲያዋህድ የጉብኝት ታሪኩን ከሁለቱም ይሰበስባል፤ እንደ አለርጂ፣ የደም ዓይነትና ስልክ ቁጥር ያሉትን ነጠላ ቦታዎች ግን መጨረሻ ከተከፈተው ፋይል ብቻ ይወስዳል። መጨረሻ የተከፈተው የሌላኛው ልጅ ነበር፤ የእሱ የአለርጂ ቦታ ደግሞ ባዶ ነው። ባዶው በተጻፈው ላይ ተጻፈበት። የሁለተኛው ልጅ የሕክምና ታሪክም ከመጀመሪያው ጋር ተደባልቋል፤ ይህን ማንም ገና አላወቀም ነበር።

ሁለቱን ለመለየት ከውህደቱ በፊት የነበረ ቅጂ ያስፈልጋል። ሰርቨሩ ላይ ሁልጊዜ የተሰካ ውጫዊ ዲስክ አለ፤ ፕሮግራሙ በየሌሊቱ እዚያ ባክአፕ ያደርጋል። ፋይሉን ሳየው ከ41 ቀን በፊት የተጻፈ ነው። ፕሮግራሙ አዲሱን ቅጂ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው አሮጌውን የሚተካው፤ ዲስኩ ስለሞላ ሁለቱን አንድ ላይ የሚይዝ ቦታ አጥቶ ለ41 ሌሊት ሳይሳካለት ቀርቷል። የስህተት መልእክቱ የሚወጣው ደግሞ ማንም የማያየው የሰርቨሩ ስክሪን ላይ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዳዩን የተረዳሁት በዚህች ነጥብ ነውና። ባክአፑ መበላሸቱ ነው የልጁን መዝገብ ያዳነው። በየሌሊቱ በትክክል ሠርቶ ቢሆን ኖሮ፣ የሚይዘው አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ፣ ውህደቱ በተደረገበት ሌሊት የተበላሸው መረጃ በደህናው ላይ ይጻፍበት ነበር። ያኔ ልጁ ፔኒሲሊን እንደማይስማማው የሚያውቅ አንድም ፋይል በክሊኒኩ ውስጥ አይገኝም። ሰርቨሩ ቢቃጠል ደግሞ ይኸው ባክአፕ የ41 ቀን ሥራ ያሳጣቸው ነበር። አንዱ ዲስክ ለአንዱ አደጋ መድኅን፣ ለሌላው ባዶ ሆኖ ተገኘ። «ባክአፕ አለን» የሚለው መልስ ለየትኛው አደጋ እንደሆነ ካልተጠየቀ ምንም አይናገርም።

የቀረበላቸው ዋጋ ማቅረቢያ

እኔ ስደርስ የፕሮግራሙ ሻጭ አራት ነገር የያዘ ሐሳብ አቅርቦላቸው ነበር፦ የሁሉም ኮምፒውተር ዲስክ ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ሆኖ እንዲመሰጠር፣ የይለፍ ቃል በየ30 ቀኑ እንዲቀየር፣ ስክሪን አንድ ደቂቃ ካልተነካ እንዲቆለፍ፣ የዩኤስቢ መሰኪያዎች እንዲዘጉ። ሥራ አስኪያጇ ለመፈረም ዝግጁ ነበሩ።

ከአራቱ አንዱም መጥፎ ሐሳብ ሆኖ አይደለም። ግን ሥራ አስኪያጇን አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው፦ «እነዚህ ሁሉ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቢኖሩ ኖሮ የልጁ አለርጂ ይጠፋ ነበር ወይስ አይጠፋም?» ትንሽ አስበው «ያው ይጠፋ ነበር» አሉ።

አራቱም በዋናነት የሚያገለግሉት ምስጢራዊነትን ነው፤ ማለትም ማየት የማይገባው ሰው መዝገቡን እንዳያይ። የመረጃ ደህንነት ግን ሦስት እግር አለው። ሁለተኛው ምሉዕነት ነው፦ የተጻፈው ሳይዛባ፣ ያለ ፈቃድ ሳይለወጥ፣ የራሱ ሰው ላይ እንደተጻፈ መቆየቱ። ሦስተኛው ተደራሽነት፦ የሚያስፈልገው ሰው በሚያስፈልገው ሰዓት ማግኘቱ። ደህንነት ሲባል ብዙ ሰው በአእምሮው የሚመጣለት ሌባ ስለሆነ ገንዘቡም ሐሳቡም ወደ መጀመሪያው ያዘነብላል። ክሊኒክ ውስጥ ሕመምተኛን በቀጥታ የሚጎዳው ግን ብዙ ጊዜ የሁለተኛው መጓደል ነው፤ ደግሞም ድምፅ የለውም። የተሰረቀ መረጃ አንድ ቀን ይሰማል፣ የቆመ ሰርቨር ወዲያው ይታወቃል፤ የጠፋ የአለርጂ መስመር ግን ባዶ ቦታ ብቻ ነው፣ ባዶ ቦታ ደግሞ ማንንም አይጠራም።

ሦስቱን ጥያቄ ለየመዝገቡ

በማግስቱ ከሥራ አስኪያጇ፣ ከአንደኛው ሐኪምና ከዋናዋ ነርስ ጋር ለሁለት ሰዓት ተቀመጥን። መዝገቡን «የሕሙማን መረጃ» ብለን በጅምላ አልያዝነውም፤ በየዓይነቱ ከፋፍለን ለእያንዳንዱ ሦስት ጥያቄ ጠየቅን። የማይገባው ሰው ቢያየው ምን ይሆናል? በስህተት ቢለወጥ ምን ይሆናል? ለአሥር ደቂቃ፣ ለግማሽ ቀን፣ ለሦስት ቀን ባይገኝ ምን ይሆናል?

ይህ አሠራር የእኔ ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ፊፕስ 199 የተባለው ደረጃ ለየመረጃው ዓይነት ሦስቱን ለየብቻ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ብሎ መመደብን ያስተምራል። ተከታዩ ፊፕስ 200 ግን ሲስተሙን በጠቅላላ ከሦስቱ በከፍተኛው ደረጃ መድቡት ይላል። ለትልቅ መሥሪያ ቤት ይህ ያስኬዳል። ለ11 ሰው ክሊኒክ ግን ሁሉንም «ከፍተኛ» ማለት ምንም አለመምረጥ ነው፤ አቅሙ በሁሉም ላይ ተበትኖ የትም አይጠነክርም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ወሰድን፣ ሁለተኛውን ተውን።

መልሶቹ እኔ እንኳ ካሰብኩት ተለዩ። አለርጂና በመውሰድ ላይ ያለ መድኃኒት፦ ምስጢራዊነቱ መካከለኛ፣ ምሉዕነቱ ከፍተኛ፣ ተደራሽነቱም ከፍተኛ ሆነ። የኤችአይቪ ምርመራ ውጤትና የአእምሮ ሕክምና ማስታወሻ፦ ምስጢራዊነቱ ከፍተኛ፤ ተደራሽነቱ ግን ዝቅተኛ ነው አሉ ሐኪሙ፣ «ግማሽ ቀን ብጠብቀው የሚሞት ሰው የለም» ብለው። የላቦራቶሪ ውጤት ምሉዕነቱ ከፍተኛ፣ ሌላው መካከለኛ። የሒሳቡን ብዙም አልቆየንበትም፤ ደረሰኝ ስላለ ስህተቱ ይታረማል።

ያስገረመኝ የቀጠሮ ዝርዝር ነው። እኔ ዝቅተኛ ብዬ ልሻገረው ነበር። ዋናዋ ነርስ አስቆሙኝ። «ፕሮግራሙ ሲጠፋ መጀመሪያ የምንታወረው በእሱ ነው» አሉ። «ማን እንደሚመጣ ካላወቅን የማንን መድኃኒት፣ የማንን አለርጂ ነው የምንፈልገው? ቁስል የሚታጠብለትም፣ ኢንሱሊኑ የሚስተካከልለትም እኮ በቀጠሮ ነው የሚመጣው።» ተደራሽነቱ ከፍተኛ ሆኖ ተመዘገበ። ይህን የሚያውቀው ሥራውን የሚሠራው ሰው ብቻ ነው፤ አማካሪ ቢሮው ተቀምጦ የሚሞላው ሰንጠረዥ አይደርስበትም።

መጀመሪያ ምሉዕነት

ደረጃው ከወጣ በኋላ የመጀመሪያው ገንዘብና ጊዜ የዋለው ባዶውን ቦታ ላይ ነው። ባዶ የአለርጂ ቦታ ሁለት ትርጉም አለው፦ «ጠይቀን የለውም ተብሏል» እና «ማንም አልጠየቀም»። ለሐኪሙ ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ ስክሪኑ ላይ ግን አንድ ናቸው። ሻጩ ቦታውን እንዲቀይር አደረግን። አሁን ከሦስት አንዱ መመረጥ አለበት፦ አለው፣ ተጠይቆ የለውም፣ አልተጠየቀም። አሮጌዎቹ ባዶዎች በሙሉ «አልተጠየቀም» ወደሚለው ተዛወሩ፤ በቀይ ይታያሉ፣ ሕመምተኛው በመጣ ቁጥር ነርሷ እየጠየቀች ትሞላቸዋለች። ውህደትም ሆነ ሌላ ስህተት ቦታውን ባዶ ቢያደርገው ባዶነት ራሱ አሁን ስህተት ስለሆነ ወዲያው ይታያል።

ቀጥሎ ለሁሉም የየራሱ አካውንት ተከፈተ፤ «ካርድ» የሚባለው ተዘጋ። የዚህ ዋናው ጥቅም ሰውን መቅጣት አይደለም። አንድ ስህተት ሲገኝ ያደረገውን ሰው «ያን ቀን ሌላስ ምን አዋሃድሽ?» ብሎ መጠየቅ የሚቻለው ማንነቱ ሲታወቅ ነው። የማዋሃድ ፈቃድ ከካርድ ክፍል ወጥቶ ለሥራ አስኪያጇና ለዋናዋ ነርስ ብቻ ተሰጠ። ካርድ ክፍል ድርብ ፋይል ሲያይ ምልክት ያደርጋል፤ ማታ ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ከፍተው ሙሉ የትውልድ ቀን፣ የእናት ስምና ስልክ ካልገጠመ አያዋህዱም። ስም ብቻውን ማንነትን እንደማይለይ ይህ ጉዳይ በቂ ማስረጃ ነው።

እነዚህ አስቀድመው የሚከላከሉ ናቸው። የሚያልፋቸው ነገር መኖሩ ስለማይቀር የሚይዝ ነገርም ያስፈልጋል። በጣም ቀላሉን መረጥን። በየሌሊቱ የአለርጂው ሰንጠረዥ ግልባጭ ይቀመጣል፤ ጠዋት የትናንቱ ከዛሬው ጋር ይነጻጸራል። ጥያቄው ይህን ይመስላል፤ የሰንጠረዦቹ ስም በየፕሮግራሙ ይለያያል፦

```sql
SELECT patient_id, substance FROM allergy_yesterday
EXCEPT
SELECT patient_id, substance FROM allergy;
```

ትርጉሙ «ትናንት የነበረ፣ ዛሬ ግን የሌለ አለርጂ አሳየኝ» ነው። አለርጂ ይጨመራል እንጂ በየቀኑ አይጠፋም፤ ስለዚህ ጤናማ በሆነ ጠዋት መልሱ ባዶ ነው። አንድ መስመር እንኳ ከመጣ ዋናዋ ነርስ ፋይሉን ከፍታ ማን፣ ለምን እንዳነሳው ታያለች። ድክመቱም ይታወቅ፦ መጀመሪያውኑ በስህተት የተጻፈን ነገር አይዝም፤ በትክክል የተጻፈው መጥፋቱን ብቻ ነው የሚናገረው።

ቅጂዎቹና ቁልፎቹ

ባክአፑን ስናዋቅር ሁለቱን አደጋ ለየብቻ አስቀመጥን። ለሰርቨሩ መቃጠል ወይም መሰረቅ የሚያስፈልገው አዲስ ቅጂ ነው፤ ሳይታይ ለቆየ ስህተት የሚያስፈልገው አሮጌ ቅጂ ነው። ስለዚህ በሥራ ሰዓት በየሁለት ሰዓቱ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይገለበጣል፤ ከዚያ በላይ የየዕለቱ ለ14 ቀን፣ የየሳምንቱ ለ3 ወር፣ የየወሩ ለአንድ ዓመት ይቀመጣል። ተጨምቆ አንዱ ቅጂ 1.5 ጊጋባይት አካባቢ ስለሆነ ሁሉም ተደምሮ ከ60 ጊጋባይት አይበልጥም።

ሁልጊዜ የተሰካው ዲስክ ተነቀለ። ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌር የተሰካ ዲስክ ካገኘ እሱንም ይቆልፈዋል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 2017 የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ያስተጓጎለው ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር ከኮምፒውተሩ ጋር የተገናኙ ዲስኮችንም ይነካ ነበር፤ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ ደግሞ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት ወጥቷል። አሁን ሁለት ዲስኮች አሉ። አንዱ ለቅጂው ሰዓት ብቻ ይሰካል፣ ሌላው ከክሊኒኩ ውጭ ነው፤ በየሳምንቱ ይለዋወጣሉ።

ከሕንፃ የሚወጣ ዲስክ ሊጠፋ ስለሚችል መመስጠር አለበት። ሻጩ ያቀረበው የዲስክ ምስጠራም እንዲሁ ተቀባይነት አገኘ፤ የሰርቨሯ ክፍል በሩ ደካማ ነው፣ ማሽኑ ቢሰረቅ መረጃው አብሮ እንዳይሄድ ያደርጋል። ምስጠራ የሚከላከለው ግን ይህንን ብቻ መሆኑን ነገርኳቸው። ኮምፒውተሩ ተከፍቶ ሰው እየሠራበት ሳለ ዲስኩ እንዳልተመሰጠረ ነው።

ምስጠራ ለምስጢራዊነት የሚሰጠውን ያህል ከተደራሽነት ይወስዳል። ቁልፉ ከጠፋ ሌባው ብቻ ሳይሆን ክሊኒኩም መረጃውን አያገኝም። BitLocker የተባለው የWindows የዲስክ ማመስጠሪያ ያለው ኮምፒውተር ዋና ሰሌዳው ቢቀየር የ48 አኃዝ የማስመለሻ ቁልፍ ይጠይቃል። ያንን ቁልፍ እዚያው ኮምፒውተር ላይ በፋይል አስቀምጠው ያገኘኋቸው ቦታዎች አሉ። እዚህ ቁልፎቹ በወረቀት ታትመው በታሸገ ፖስታ ሁለት ቦታ ተቀመጡ፦ አንዱ በካዝና፣ አንዱ ከክሊኒኩ ውጭ በባለቤቱ ዘንድ። ዲስኩና ቁልፉ አንድ ቦታ እንዳይሆኑ ተጠንቅቀናል።

በየወሩ አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጇ ከውጭ የመጣውን ዲስክ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ይመልሱታል። ፖስታውን ቀደው፣ ቁልፉን ከወረቀቱ እያነበቡ ነው የሚከፍቱት፤ ከአእምሮ ወይም ከስልክ አይደለም፣ የምንፈትነው ወረቀቱን ጭምር ነውና። ከዚያ የፋይሉን ብዛት ከሰርቨሩ ጋር ያስተያያሉ፣ አምስት ሕሙማን መርጠው አለርጂና የመጨረሻ ውጤታቸውን ያነጻጽራሉ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የፈጀውን ሰዓት ይጽፋሉ። ግባችን ከአራት ሰዓት በታች ነው።

የሚጋጩበት ቦታ

ሻጩ ካቀረባቸው የቀሩት ላይ ክርክሩ በረታ። የአንድ ደቂቃው የስክሪን መቆለፍ ለካርድ ክፍል ጥሩ ነው፤ ስክሪኑ ወረፋ ከሚጠብቀው ሰው ፊት ነው። ምርመራ ክፍል ውስጥ ግን ነርሷ ጓንት አድርጋ ቁስል ታጥባለች፤ ዞር ስትል ስክሪኑ ከተቆለፈ ጓንቷን አውልቃ፣ የይለፍ ቃል ጽፋ፣ ጓንት ቀይራ ትመለሳለች። በቀን ሠላሳ ጊዜ ይህን የሚያደርግ ሰው ሳምንት ሳይሞላው መውጫ ያበጃል፦ የሌላን አካውንት ክፍት ትቶ ሁሉም በእሱ ይሠራል። ያኔ ለምስጢራዊነት የገባው ቁልፍ ሎጉን መልሶ ያበላሸዋል፤ «ካርድ» በሌላ ስም ይመለሳል። ስለዚህ ካርድ ክፍል ሁለት ደቂቃ፣ በር ያለው ምርመራ ክፍል አሥር ደቂቃ ሆነ፤ ከክፍሉ ሲወጡ Windows+L መጫን ግዴታ ነው። የካርድ ክፍሉን ስክሪን ደግሞ ወደ ግድግዳ አዞርነው፤ ይህ ምንም አላስወጣም።

በየ30 ቀኑ የይለፍ ቃል መቀየርን ተውነው። ይኸው የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ የይለፍ ቃል መሰረቁ ካልታወቀ በቀር በጊዜ ገደብ ማስቀየርን አይመክርም። በየወሩ የሚገደድ ሰው መጨረሻዋን ቁጥር ብቻ እየጨመረ ይሄዳልና። የይለፍ ቃሉ አንድ ረጅም ሐረግ ሆነ፤ ሠራተኛ ሲለቅ በዕለቱ አካውንቱ ይዘጋል። ዩኤስቢው ከሰርቨሩ በቀር ተዘጋ፤ እዚህ ላይ የተከራከረ የለም።

የአእምሮ ሕክምና ማስታወሻው ለሚያክመው ሐኪም ብቻ ክፍት እንዲሆን ወሰንን። ሐኪሙ ፈቃድ ላይ ሆኖ ሕመምተኛው በድንገት ቢመጣስ? ሙሉ በሙሉ መዝጋት አደጋ አለው። ሌላኛው ሐኪም ምክንያቱን ጽፈው ይከፍቱታል፤ ሥራ አስኪያጇ ጠዋት ዝርዝሩን ያያሉ። አይከለክልም፣ ግን ሳይታይ አያልፍም። ሁለት ሐኪም ብቻ ባሉበት ቦታ ይህ በቂ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሠራተኛው ሲበዛ ግን ጠዋት ማየቱ ይሰለቻልና እንደገና ይታሰብበታል።

ትልቁ ግጭት የወረቀቱ ነው። ሰርቨሩ ቢቆም ነርሶቹ እንዳይታወሩ በየጠዋቱ የዕለቱ ባለቀጠሮዎች ስም፣ አለርጂና በመውሰድ ላይ ያሉት መድኃኒት ይታተማል። ይህ ለተደራሽነት ግሩም ነው፤ ለምስጢራዊነት ግን የሠላሳ ሰው መረጃ ማንም ሊያነሳው የሚችል ወረቀት ላይ ማውጣት ነው። የኤችአይቪና የአእምሮ ሕክምና መረጃ ወረቀቱ ላይ እንዳይወጣ አደረግን፤ እነዚህ ተደራሽነታቸው ዝቅተኛ ስለተባለ መጠበቅ ይችላሉ። መድኃኒቱ ራሱ ግን ይናገራል፤ የኤችአይቪ መድኃኒት ስም ያየ ሰው ውጤቱን ማየት አያስፈልገውም። ከመድኃኒት ዝርዝሩ ብናወጣቸው ደግሞ ከሌላ መድኃኒት ጋር መጋጨታቸውን ነርሷ አታይም። ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ አስበው «የተከለለ መድኃኒት አለ፤ ሐኪም ይጠየቅ» የሚል መስመር እንዲገባ መረጡ። ፍጹም አይደለም፤ መስመሩ ራሱ ጥርጣሬ ያስነሳል። የተሻለ አላገኘንም። ገጾቹ ቁጥር አላቸው፣ በነርሶች መሳቢያ ይቆለፋሉ፣ ማታ ተቆጥረው ይቆራረጣሉ።

ከስድስት ወር በኋላ

ስመለስ መጀመሪያ ያየሁት የጠዋቱን ንጽጽር ማስታወሻ ነው። በስድስት ወር ውስጥ ባዶ ያልሆነ መልስ የመጣው አራት ጊዜ ነው። ሦስቱ ሐኪም ሆን ብሎ ያረማቸው ናቸው። አራተኛው ውህደት ነበር፤ የእናት ስም ሳይጠየቅ «አንድ ናቸው» ተብሎ ማታ በድካም የታለፈ። በማግስቱ ጠዋት ሁለት መስመር ወጣ፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ፋይሎቹ ተለያዩ። ያኛው 12 ቀን ተደብቆ ነበር።

ከስድስቱ የመመለስ ሙከራዎች አንዱ ወድቋል። አንዱ ዲስክ ተበላሽቶ ሲተካ አዲሱ አዲስ ቁልፍ ነበረው፤ ፖስታው ውስጥ ያለው ግን የአሮጌው ነው። ሥራ አስኪያጇ የያዙትን ቁጥር ሁለት ጊዜ ሞከሩት፣ አልከፈተም። ዲስኩ እንደ ብረት ቁራጭ ነበር። አሁን ዲስክ የሚቀይር ሰው ፖስታውንም ሳይቀይር ሥራው አልተጠናቀቀም ተብሎ በቅጹ ላይ ተጽፏል፤ በፖስታው ጀርባም የዲስኩ መለያ ቁጥር ይሠፍራል።

አንድ ምሽት ደግሞ ወረቀቶቹ ሲቆጠሩ ገጽ 3 ጎደለ። ሁሉም ቆመው ፈለጉ። የተገኘው ካርድ ክፍል ባለው ማተሚያ ውስጥ ነው፤ ጠዋት ወረቀት ነክሶት ሲቀር ነርሷ ቀሪዎቹን አንስታ ሄዳለች፣ ገጹም ቀኑን ሙሉ ወረፋ ከሚጠብቀው ሰው ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ውሏል። ማንም እንዳላየው ማረጋገጥ ስለማይቻል ገጹ ላይ ለነበሩት ስምንት ሕሙማን ተደውሎ የሆነው ተነገራቸው። ከዚያ ወዲህ የሚታተመው በነርሶች ክፍል፣ በር ተዘግቶ ነው፤ ገጾቹም የሚቆጠሩት ማታ ብቻ ሳይሆን ከማተሚያው ሲነሱም ጭምር ነው።